ልኩ ያልታወቀ ዕዳ የት ይጻፋል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ምሽት ከሉዊዚያና ጠረፍ ርቆ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ማኮንዶ የሚባል የነዳጅ ጉድጓድ ፈነዳ። በላዩ ሲሠራ የነበረው ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው ተንሳፋፊ መቆፈሪያ በእሳት ተያይዞ በሁለተኛው ቀን ሰጠመ። 11 ሠራተኞች ሞቱ። ጉድጓዱ እስኪከደን 87 ቀን ወሰደ፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ድፍድፍ ዘይት ወደ ባሕሩ ሲፈስ ከረመ። ዓሣ አስጋሪው ሥራ ፈታ፣ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች እንግዳ አጡ፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትና የአካባቢው ግዛቶች ወደ ክስ አመሩ።

የጉድጓዱ ዋና ባለድርሻ ቢፒ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን የሆነው ይህ ኩባንያ ሒሳቡን የሚዘጋው በየዓመቱ ዲሴምበር 31 ነው። ቀኑ ሲደርስ ከአደጋው ገና ስምንት ወር አልፎ ነበር። በዋናዎቹ ክሶች ላይ ፍርድ አልተሰጠም፤ ስንት በርሜል ዘይት እንደፈሰሰ እንኳ ያከራክር ነበር። ሒሳብ ግን ፍርድ ቤትን አይጠብቅም፤ በቀኑ ይዘጋል።

የዚያ ዓመት ሪፖርት ከአደጋው የተነሣ 40.9 ቢሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ፤ ኩባንያውም ዓመቱን በ3.7 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ዘጋ። ብዙ ሰው ያነበበው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው። ሆኖም በዚያው ሪፖርት የማብራሪያ ገጾች ውስጥ ቢፒ ሌላ ነገርም አስፍሮ ነበር፤ ከአደጋው የሚመጡበት ግዴታዎች በሙሉ በዚህ ቁጥር ውስጥ እንዳልገቡ፣ አንዳንዶቹን አሁን በአስተማማኝ ሁኔታ መለካት እንደማይቻል ገልጿል። ከነዚህ አንዱ በባሕሩ፣ በወፉ፣ በረግረጉ ላይ ለደረሰው የተፈጥሮ ሀብት ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ነው። ለጉዳት ጥናቱ ማካሄጃ የሚወጣው ገንዘብ በቁጥር ተመዝግቦ ሳለ የጉዳቱ ካሳ ራሱ በቃላት ብቻ ተገለጸ።

ያው አንድ አደጋ፣ ያው አንድ ተጠያቂ፣ ያው አንድ ሪፖርት ሆኖ ሳለ አንዱ ዕዳ በቁጥር ተጽፎ ትርፍን ይቀንሳል፤ ሌላው በማብራሪያ ገጽ ላይ በዐረፍተ ነገር ይቀመጣል። የትኛው የት እንደሚጻፍ የሚወስነው ደንብ ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 37 ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ደንቡ እኛንም ይመለከታል። በአገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ባንኮች፣ መድን ድርጅቶችና ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች ሰኔ 30 ሒሳባቸውን ሲዘጉ ይህንኑ ደንብ ይከተላሉ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል እናጥራ። «መጠባበቂያ» ሲባል ብዙ ሰው ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ይመስለዋል፤ ከትርፍ ተቀንሶ ለክፉ ቀን የሚቀመጠውንም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። የሒሳብ ባለሙያዎች ፕሮቪዥን የሚሉት መጠባበቂያ ግን ከሁለቱም ይለያል። የዕዳ ዓይነት ነው። አቅራቢው ደረሰኝ የሰጠበት ዕዳ ልኩም ቀኑም ይታወቃል፤ መጠባበቂያ የሚያዝለት ዕዳ ደግሞ መኖሩ ታምኖ ልኩ ወይም የሚከፈልበት ጊዜ በርግጠኝነት ያልታወቀው ነው። ሲመዘገብ አንድም ብር ከካዝና አይወጣም። በወጪ በኩል አንድ መስመር፣ በዕዳ በኩል ሌላ መስመር ይጻፋል፤ ትርፍ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቢፒ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምቶ 20 ቢሊዮን ዶላር ያዋጣበት የካሳ ፈንድ በእርግጥ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር፤ በሒሳብ መግለጫው ላይ ያለው መጠባበቂያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ቃል «ሊመጣ የሚችል ዕዳ» ነው፤ ባለሙያዎች ኮንቲንጀንት ላይቢሊቲ ይሉታል። ይህ በሒሳብ መግለጫው ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ በማብራሪያ ይገለጻል። የመክፈሉ ነገር እጅግ የራቀ ከሆነ ደግሞ መገለጽም አያስፈልገውም።

አንድ ጉዳይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ያለፈውን ይመለከታል፤ ሒሳቡ በሚዘጋበት ቀን፣ ቀድሞ በተፈጸመ ነገር የተነሣ፣ ድርጅቱ ሊያመልጠው የማይችል ግዴታ አለበት ወይ? ለቢፒ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ዘይቱ ፈስሷል። በተቃራኒው ሌላ የነዳጅ ኩባንያ አደጋውን አይቶ በሚቀጥለው ዓመት የደኅንነት መሣሪያዎቹን ሊለውጥ ቢወስንና ዋጋውን ቢያውቀው እንኳ ዛሬ መጠባበቂያ አይዝለትም። ያ ወጪ የነገ ነው፤ ኩባንያው ሐሳቡን ሊለውጥ፣ መቆፈሪያውን ሊሸጥ ይችላል። የቦርድ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ስለሰፈረ ብቻ ዕዳ አይሆንም።

ግዴታ የሚመጣው ግን ከሕግ ብቻ አይደለም። አንድ የጫማ ፋብሪካ በሕግ ሳይገደድ ሶሉ የለቀቀ ጫማ ለመለሰለት ሁሉ ለዓመታት ሲለውጥ ከኖረ፣ ገዢውም ይህን አምኖ የሚገዛ ከሆነ፣ ልማዱ ራሱ ግዴታ ሆኗል። ደንቡ ይህን ከሕግ ግዴታ እኩል ያየዋል። ቁም ነገሩ ሌላው ወገን እንዲጠብቅ መደረጉ ነው፤ በውስጥ የታሰበና ለማንም ያልተነገረ በጎ ሐሳብ ግን ማንንም አያስጠብቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመክፈል ዕድልን ይመለከታል። ገንዘቡ ከሚቀር ይልቅ መውጣቱ ያመዝናል? ማመዘን ሲባል ከግማሽ በላይ ማለት ነው፤ 51 ከመቶ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተመሳሳይ ግዴታዎች በብዛት ሲኖሩ ነው። አንድ ነጋዴ የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጥቶ 2,000 የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸጠ እንበል። ከልምዱ እንደሚያውቀው ከመቶው 75ቱ ምጣድ አንዳች አይነካውም፤ 20ው ቀላል ጥገና፣ በአማካይ 400 ብር ይፈልጋል፤ 5ቱ ደግሞ 3,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ይደርስበታል። እያንዳንዱን ምጣድ ለብቻው ካየነው ላለመበላሸቱ ዕድሉ ስለሚያመዝን ምንም መያዝ የለበትም ያሰኛል። 2,000ውን አንድ ላይ ስናያቸው ግን ነጋዴው ገንዘብ ማውጣቱ አይቀርም። አራት መቶ ምጣድ በ400 ብር 160,000 ብር ነው፤ አንድ መቶ ምጣድ በ3,000 ብር 300,000 ብር ነው። ነጋዴው በሽያጩ ዓመት 460,000 ብር መጠባበቂያ ይይዛል። ካልያዘ የዘንድሮው ትርፍ በዚያው ልክ ያበጠ ነው፤ የከርሞው ሒሳብ ደግሞ ያላጠፋውን ይሸከማል።

አንድ ነጠላ ክስ ሲሆን አማካይ ማውጣት አያስኬድም፤ ይበልጥ ሊሆን የሚችለው ውጤት ይፈለጋል። እዚህ የአገራችንን ጉዳይ አንድ እንውሰድና ቀስ ብለን እናየው። ጉዳዩ ለማስረዳት የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ ያየ ሰው ግን አይገርመውም።

አንድ የሥራ ተቋራጭ ለመሠረት ጥልቅ ጉድጓድ ሲያስቆፍር በጥር ወር የጎረቤት ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ። ጎረቤትየው 3 ሚሊዮን ብር ካሳ ጠይቀው ከሰሱ። ሰኔ 30 ሲደርስ ክሱ ገና በቀጠሮ ላይ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ምን ይጻፍ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለሆነ ምንም አንጽፍም» ይላል፤ ሌላው ፈርቶ 3 ሚሊዮኑን በሙሉ ይመዘግባል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ክስ መኖሩ ግዴታን አይፈጥርም፤ ግዴታውን የፈጠረው ቁፋሮው ነው። በክስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የከሳሹ ጥያቄ ነው እንጂ የዕዳው ግምት አይደለም።

ስለዚህ ጠበቃው ይጠየቃሉ። ጥያቄው በትክክል መቅረብ አለበት። ኦዲት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ከጠበቆች የመጡ ብዙ ደብዳቤዎች አንብቤያለሁ፤ ለሒሳቡ የማይጠቅመው መልስ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው፣ መብታችሁን ለማስከበር እየጣርን ነው» የሚለው ነው። ጠበቃውን መጠየቅ የሚገባው በተናጠል ነው፤ ተጠያቂ መሆናችን ያመዝናል ወይስ አለመሆናችን? ከሆንን ፍርዱ በየትኛው ገንዘብ መካከል ይወድቃል? ይህን የሚሉት በምን ማስረጃ ላይ ተመሥርተው ነው? ጠበቃው እንዲህ መለሱ እንበል፤ ቁፋሮው የመደገፊያ ሥራ እንዳልነበረው የክፍለ ከተማው የቁጥጥር ሪፖርት ስለሚያሳይ ተጠያቂነቱ ያመዝናል፤ የጉዳቱ ልክ ግን የመሐንዲስ ጉዳይ ነው። መሐንዲሱ ቤቱን አይተው ጥገናው ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.4 ሚሊዮን ብር እንደሚፈጅ፣ በመካከል ካሉት ቁጥሮችም አንዱ ከሌላው እንደማይበልጥ ጻፉ።

አሁን መልሱ ተገኘ። በእንዲህ ያለ እኩል በሆነ ክልል ውስጥ ዓለም አቀፉ ደረጃ መካከለኛውን ስለሚያስይዝ ተቋራጩ 1.2 ሚሊዮን ብር በመጠባበቂያነት ይመዘግባል። (አሜሪካ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ፤ የአገሩ ደንብ በዚህ ቦታ ዝቅተኛውን፣ 1 ሚሊዮኑን፣ ነው የሚያስይዘው።) ጎረቤትየው የጠየቁት ቀሪ 1.8 ሚሊዮን ብር ሊፈረድ የሚችል፣ ግን የማያመዝን ከሆነ በማብራሪያ ይገለጻል። አንድ ክስ እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በቁጥር፣ ግማሹ በቃል መቅረቡ እንግዳ ነገር አይደለም።

ተቋራጩ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የመድን ዋስትና ገብቶ ነበር። መድን ድርጅቱ ጥያቄውን ተቀብሎ እየመረመረ ነው። «እንግዲያው መድን የሚከፍለውን ቀንሰን 700,000 ብር ብቻ እንያዝ» የሚል ሐሳብ በዚህ ጊዜ ይነሣል። አይቻልም። ዕዳው ለጎረቤት ነው፤ መድን ቢከፍልም ባይከፍልም ተቋራጩ ከጎረቤቱ ዕዳ አይድንም። ከመድን የሚመጣው ገንዘብ የሚመዘገበው መምጣቱ ምንም የማያጠራጥር ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም ከዕዳው ላይ ሳይቀነስ ለብቻው እንደ ሀብት ይጻፋል። በምርመራ ላይ ያለ ጥያቄ ገና እዚያ አልደረሰም።

ነሐሴ ላይ ፍርድ ቤቱ 1.35 ሚሊዮን ብር ፈረደ፤ ሁለቱም ወገኖች ተቀበሉት። የሰኔ 30 ሪፖርት ግን ገና በቦርድ አልጸደቀም። ፍርዱ ከዓመቱ በኋላ መጣ ተብሎ ለከርሞ ይተላለፋል? አይተላለፍም። ግድግዳው የተሰነጠቀው በጥር ነው፤ ፍርዱ ያደረገው ሰኔ 30 ላይ የነበረውን ዕዳ ልኩን መንገር ብቻ ነው። ስለዚህ 1.2 ሚሊዮኑ ተስተካክሎ 1.35 ሚሊዮን ይሆናል፤ በማብራሪያ ተጽፎ የነበረውም ቀሪ ጥያቄ ይወጣል። አደጋው ራሱ የደረሰው በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ የዚያ ዓመት ዕዳ ስላልሆነ ሰኔ 30 ላይ ቁጥሩ አይነካም።

ወደ ቢፒ እንመለስ፤ እነዚህ ሦስት ነገሮች በግዙፍ መጠን የታዩት እዚያ ነው።

ስለ ሽርኮቹ እንጀምር። ከማኮንዶ ጉድጓድ የቢፒ ድርሻ 65 ከመቶ ነበር፤ አናዳርኮ 25፣ ሞኤክስ 10 ከመቶ ነበራቸው። ቢፒ የድርሻቸውን እንዲከፍሉ ጠየቃቸው፤ እነሱ እምቢ አሉ። ቢፒ ከነሱ የሚገኘውን በ2010 ሒሳብ ውስጥ በሀብትነት አልመዘገበም። በ2011 ሞኤክስ 1.065 ቢሊዮን፣ አናዳርኮ 4 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማሙ ያኔ ገባ። ዕዳ ሲያመዝን ይጻፋል፤ ሀብት ግን የማያጠራጥር እስኪሆን ይጠበቃል። ሚዛኑ ሆን ተብሎ እኩል እንዳይሆን የተደረገ ነው፤ እኔም ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሒሳብ የሚያዘጋጀው ሰው በተስፋው ላይ ያለው እምነት በስጋቱ ላይ ካለው ሁልጊዜ ይበልጣልና።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የመለካቱ ነገር፣ ትልቁን ክርክር ያስነሣው ነው። የአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ በፈሰሰው በርሜል ልክ ቅጣት ይጥላል። በዚያ ጊዜ ቅጣቱ ከባድ ቸልተኝነት ከሌለ በበርሜል እስከ 1,100 ዶላር፣ ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ እስከ 4,300 ዶላር ነበር። ቢፒ ቸልተኝነቴ ከባድ አልነበረም ብሎ፣ የፈሰሰውን 3.2 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ገምቶ፣ በ1,100 አባዝቶ 3.51 ቢሊዮን ዶላር ያዘ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ዳኛው ካርል ባርቢየር ቸልተኝነቱ ከባድ ነው ብለው ወሰኑ። በጃንዋሪ 2015 ደግሞ ለቅጣቱ የሚቆጠረውን 3.19 ሚሊዮን በርሜል አደረጉት። በ4,300 ሲባዛ ከፍተኛው ቅጣት ወደ 13.7 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል።

ቢፒ ግን በ2014 ሒሳቡ 3.51 ቢሊዮኑን አልለወጠም። ውሳኔውን እቃወማለሁ፣ ይግባኝ እላለሁ፣ ዳኛው ቅጣቱን ሲወስኑ የሚያመዛዝኗቸው ብዙ ነገሮች ስላሉ ከዚያ በላይ የሚሆነውን በአስተማማኝ መለካት አልችልም የሚል ነበር አቋሙ። ነገሩ ሁለት ፊት አለው። ከፍተኛው ቅጣት ከፍተኛው ነው እንጂ የሚጠበቀው አይደለም፤ 13.7 ቢሊዮን መመዝገብ ሦስት ሚሊዮኑን በሙሉ እንደመዘገበው ተቋራጭ መሆን ነው። በሌላ በኩል ደንቡ ራሱ፣ ግዴታ ኖሮ መለካት አይቻልም የሚባለው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው ይላል። ፍርድ ቤት ከባድ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ በተራ ቸልተኝነት ዋጋ የተሰላውን ቁጥር ይዞ መቆየት ለእኔ ሊታመን የሚችልበትን ድንበር የነካ ነው። አንባቢውን ያዳነው ማብራሪያው ነው፤ የበርሜሉ ቁጥርና የበርሜሉ ቅጣት ሁለቱም የታወቁ ስለነበሩ ማንም ሰው በወረቀት ላይ አባዝቶ ስጋቱን ሊያይ ይችል ነበር።

በ2013 መጀመሪያ አምስት ግዛቶችና የአካባቢ አስተዳደሮች ያቀረቡት የኢኮኖሚ ጉዳት ጥያቄ ደግሞ 34 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ቢፒ ስሌቱ የተሳሳተ ነው ብሎ ቁጥሩን በማብራሪያ ብቻ ገለጸው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2015 ቢፒ ከፌዴራል መንግሥቱና ከአምስቱ ግዛቶች ጋር በ18.7 ቢሊዮን ዶላር መስማማቱን አስታወቀ፤ ክፍያው ለ18 ዓመታት የሚዘረጋ ነው። የንጹሕ ውኃ ሕጉ ቅጣት 5.5 ቢሊዮን ሆነ፤ ከ3.51 በላይ፣ ከ13.7 በእጅጉ በታች። ለተፈጥሮ ሀብት ጉዳት 7.1 ቢሊዮን ተቆረጠ፤ በ2010 መለካት አይቻልም የተባለው ዕዳ አምስት ዓመት ቆይቶ ልኩን አገኘ። ግዛቶቹ ለኢኮኖሚ ጉዳት 4.9 ቢሊዮን፣ የአካባቢ አስተዳደሮቹ እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር አገኙ፤ ከ34 ቢሊዮኑ ጋር ማስተያየት ነው።

ቀኑን ልብ በሉ። የቢፒ ሁለተኛ ሩብ ዓመት ጁን 30 ተዘግቶ ነበር፤ ስምምነቱ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ኩባንያው ተጨማሪውን ወጪ፣ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋውን፣ በዚያው በተዘጋው ሩብ ዓመት ውስጥ አስገባው። ምክንያቱ የጎረቤት ግድግዳው ነው፤ ዘይቱ የፈሰሰው በ2010 ነውና ስምምነቱ የነገረን የቆየውን ዕዳ ልክ ነው።

በእኛ አገር በዚህ ሥራ ላይ ከማያቸው ችግሮች ሁለቱን ሳላነሣ አላልፍም። አንዱ ከግብር ጋር የተያያዘ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገና ላልወጣ፣ ወደፊት ይወጣል ተብሎ ለሚጠበቅ ወጪ የሚያዝ መጠባበቂያን ከግብር ተቀናሽ አያደርግም። «ግብር ካልቀነሰልኝ ለምን እይዛለሁ?» የሚል ሥራ አስኪያጅ ስለዚህ ይበዛል። የግብር ስሌት ሌላ ነው፤ ለባለአክሲዮንና ለአበዳሪ የሚቀርብ የሒሳብ መግለጫ ሌላ ነው። መጠባበቂያው በመግለጫው ይመዘገባል፤ ግብር ሲሰላ ወደ ትርፉ ተመልሶ ይደመራል፤ ገንዘቡ በእርግጥ ሲከፈል በዚያ ዓመት ይቀነሳል። ለግብር ሲሉ ዕዳን ከመግለጫው ማስቀረት ባንክ ብድር ሲሰጥ፣ ባለአክሲዮን ድርሻ ሲከፈለው፣ በሌለ ትርፍ እንዲወስኑ ማድረግ ነው።

ሌላው ተቃራኒው ነው፤ ጥሩ ዓመት ሲመጣ ከሚገባው በላይ መያዝ። ትርፉ ሲያብጥ «ለሕግ ጉዳዮች» በሚል ጥቅል ስም ብዙ ሚሊዮን ይያዛል፤ ክፉ ዓመት ሲመጣ «አላስፈለገም» ተብሎ ወደ ገቢ ይመለሳል። ትርፉ ከዓመት ዓመት የተስተካከለ ይመስላል። ይህን ለማወቅ ደንቡ በማብራሪያ ገጹ ላይ የግድ እንዲወጣ የሚያዝዘውን ሠንጠረዥ ማየት ይበቃል። በዓመቱ መጀመሪያ የነበረው፣ የተጨመረው፣ በእርግጥ ለተባለው ጉዳይ የተከፈለው፣ ሳይሠራበት የተመለሰው፣ የቀረው፤ እነዚህ በየተራ ይሰፍራሉ። የተከፈለው መስመር ዓመት በዓመት ባዶ ሆኖ የተመለሰው ሲበዛ መጠባበቂያው ዕዳ አልነበረም። የጎረቤት ግድግዳ ተብሎ የተያዘ ገንዘብ ለሌላ ክስ ቢከፈልም ያው ነው፤ መጠባበቂያ ለተያዘለት ጉዳይ ብቻ ነው የሚውለው።

በማብራሪያ መግለጽን የሚፈሩም አሉ፤ «1.2 ሚሊዮን ገመትን ብለን ከጻፍን ተቃራኒው ጠበቃ ያነበዋል» ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ ደንቡም ያውቀዋል። እጅግ አልፎ አልፎ፣ መግለጹ ክርክሩን በእርግጥ የሚጎዳ ሲሆን፣ ዝርዝሩን መተው ይፈቅዳል። ነገር ግን ክርክሩ መኖሩን፣ ምን ዓይነት እንደሆነና ዝርዝሩ ለምን እንደቀረ መጻፍ አይቀርም። የተተወው ዝርዝሩ ነው እንጂ ግዴታው አይደለም፤ ቁጥሩም በዕዳው ጠቅላላ ድምር ውስጥ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2016 ቢፒ ከአደጋው የቀሩትን ዋና ዋና ዕዳዎች በሙሉ አሁን በአስተማማኝ መገመት እንደቻለ አስታወቀ፤ ጠቅላላው ከግብር በፊት 61.6 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከ2010ሩ 40.9 ቢሊዮን ጋር ያለው ልዩነት ከፊሉ ግምቶች እያደጉ የመጡበት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በማብራሪያ ገጾቹ ላይ ያለ ቁጥር ተጽፎ የቆየው ነው። በጃንዋሪ 2018 ኩባንያው የአካባቢው ነጋዴዎች ካቀረቡት የካሳ ጥያቄ የተረፈውን ለመዝጋት ከግብር በኋላ ሌላ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጨመረ።